የቀድሞ አለቃዬን ይሉኝታ ውስጥ ሳላስገባ ሪፈራል እንዴት ልጠይቅ?

ሒሳብ አስታራቂዋ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ከጥር 2010 እስከ ሰኔ 2011 ዓ.ም. ድረስ በአንድ ባንክ የሒሳብ ማስታረቅ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። እዚህ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ አሁን የመኪና ማቆሚያ በሚያስተዳድር ድርጅት ውስጥ የዕለት ገቢ እመዘግባለሁ።

ያኔ የክፍላችን ኃላፊ የነበሩት ሰው አሁን ቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ ትልቅ ድርጅት ይሠራሉ። ባለፈው ሳምንት ያ ድርጅት ለተከፋይ ሒሳብ ክፍል ሠራተኛ እንደሚፈልግ አየሁ፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ከዛሬ ጀምሮ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። በድርጅቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሪፈራል ቢሰጠኝ፣ ማለትም ለቀጣሪዎቹ ቢጠቁመኝ፣ ማመልከቻዬ የመታየት ዕድሉ እንደሚሰፋ ነግረውኛል። የሚያስጨንቀኝ ግን ከእኒህ ሰው ጋር የምንገናኘው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ፣ መልካም በዓል ለመባባል ብቻ መሆኑ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጠፍቼ አሁን ለጉዳዬ ብቅ ስል ምን ይሉኛል? ደግሞም በዕድሜም በማዕረግም ታላቄ ስለሆኑ እሺ ባይሉ የሚያፍሩት እሳቸው እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ያን ዕፍረት ላሸክማቸው አልፈልግም።

እናቴ በበኩሏ የሰውዬው እናት የዕድራቸው አባል ስለሆኑ «እኔ አንድ ቃል ብላቸው ያልቃል» ትላለች። ለጊዜው ተይ ብያታለሁ። እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትጠይቋቸው ነበር?

ቡልቡላ ማዶ

እኔም ባለፈው ዓመት ደርሶብኛል። ለገንዘብ ያዥነት ባለፍኩበት ድርጅት ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ ተብዬ ስንት ደጅ እንደጠናሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰው ዋስ ሁነኝ ሲሉት ፊቱ ይቀየራል፣ አይፈረድበትምም፤ ነገ ጉድለት ቢገኝ ደመወዙ ሊያዝ ነው። ስለዚህ እኅቴ፣ በመጀመሪያ ለሰውዬው የገንዘብ ኃላፊነቱ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሆነ በጽሑፍ አሳውቂያቸው፤ ይህን ሲያውቁ ይረጋጋሉ።

የቅጥር ክፍል ሰው

ወንድሜ ቡልቡላ፣ እሷ የጠየቀችው ስለ ዋስ አይደለም። ሪፈራል የሚሰጥ ሠራተኛ በገንዘብም በሕግም የሚያዝበት ነገር የለም፤ ያሲያዘው ነገር ቢኖር ስሙን ነው። ሆኖም አስተያየትህ ሙሉ በሙሉ የሳተ አይደለም፤ ምክንያቱም ከአገር ቤት የመጣ ሰው ልክ እንደ አንተ ቃሉን ከዋስትና ጋር አያይዞ ሊሰጋ ይችላል።

እኔ እዚህ አሜሪካ በሠራተኛ ቅጥር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ጠያቂዋ በመጀመሪያ ልታውቅ የሚገባት ሰውዬው እሺ ካሉ በኋላ ኮምፒውተራቸው ላይ ምን እንደሚገጥማቸው ነው። የድርጅታቸውን የሪፈራል ገጽ ሲከፍቱ የአመልካቿን ስም፣ ኢሜይል፣ ሲቪና የሥራ መደቡን ቁጥር ይሞላሉ። ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በታች ግን «ይህችን ሰው እንዴት ነው የሚያውቋት? አብረው ሠርተዋል? ስለ ሥራዋ ምን ይላሉ?» የሚል ባዶ ቦታ ይመጣል። ጭንቀቱ ያለው እዚያ ነው። ስለ ሥራሽ የሚጽፉት እውነተኛ ነገር ካላቸው ጥያቄሽ ቀላል ነው፤ ከሌላቸው ግን ወይ ይዋሻሉ፣ ወይ ባዶውን ይተዉታል፣ ወይ እየተጨነቁ ያዘገዩታል። ባዶ የተላከ ሪፈራል ደግሞ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ከተራ ማመልከቻ እምብዛም አይለይም።

አንቺ ዕድለኛ ነሽ፤ ለዓመት ከመንፈቅ ሥራሽን በየቀኑ ያዩ ሰው ናቸው። በዓመት ሁለት ጊዜ መገናኘታችሁ ያን አይሽረውም።

ገንዘብም አለው

ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ? ብዙ የአሜሪካ ድርጅቶች ሪፈራል ለሰጠ ሠራተኛ ጉርሻ ይከፍላሉ። ስለዚህ አንቺ ውለታ እየጠየቅሽ ሳይሆን ጥቅም ይዘሽላቸው እየሄድሽ ነው። ይህን በግልጽ ንገሪያቸው። ሌላው ደግሞ ዛሬውኑ በራስሽ አመልክቺ፤ ከዚያ «አመልክቻለሁ፣ ቢችሉ ስሜን ያንሱልኝ» በያቸው፤ እንዲህ ከሆነ ምንም ጫና የለበትም።

የቅጥር ክፍል ሰው

ጉርሻው መኖሩ እውነት ነው፤ የሚከፈለው ግን ሰውየው ተቀጥሮ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙ ቦታ ለ90 ቀን ያህል፣ ከሠራ በኋላ ነው። የቅጥር ክፍል ሠራተኞችና የሚቀጥረው ክፍል ኃላፊ አብዛኛውን ጊዜ አይመለከታቸውም። እሳቸው የየትኛው ክፍል ሰው እንደሆኑ ሳታውቅ ስለ ገንዘብ ብታነሣ፣ የቀድሞ አለቃዋን በጉቦ የምትደልል ትመስላለች። ጉርሻውን ከእሷ በፊት እሳቸው ያውቁታል፤ ዝም ማለቱ ይሻላል።

«ቀድመሽ አመልክቺ» ያልከው ግን ሊጎዳት ይችላል። እኔ ከሠራሁባቸው ሦስት ድርጅቶች በሁለቱ፣ አመልካቹ አስቀድሞ በራሱ ከገባ ሲስተሙ ሪፈራሉን አይቀበልም ነበር፤ በሦስተኛው ደግሞ ቀጣሪው በእጁ ሊያያይዘው ይችል ነበር። የተለመደው መንገድ ሠራተኛው ሲመዘግብሽ ሊንክ ወደ ኢሜይልሽ መጥቶ፣ በዚያ ሊንክ ገብተሽ ማመልከትሽ ነው። ሲስተሙ ሰውን ከሰው የሚለየው ብዙ ጊዜ በኢሜይሉ ስለሆነ፣ ለሰውዬው የምትሰጪውና የምታመለክቺበት ኢሜይል አንድ ይሁን። የእኛ ሰዎች ስም በአባትና በአያት መካከል ሲገለባበጥ ስንት ሪፈራል ባክኖ አይቻለሁ።

ስንቱን አየሁ

እኔ ከተጠያቂዎቹ ወገን ነኝ። ዳላስ የምሠራበት ድርጅት ታዋቂ ስለሆነ በወር ሁለትና ሦስት ሰው ይጠይቀኛል። ከሁሉ የማልረሳው በአንድ ለቅሶ ቤት የደረሰብኝን ነው። የሟች ዘመድ የሆኑ አንድ እናት ንፍሮ እያቀበሉኝ «ልጄን ሥራ አስገቢልኝ» አሉኝ፤ ልጁም አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ፣ «ልጅዎን አላውቀውም» ይባላል? እሺ አልኩ። ማታ ቅጹን ስከፍት «አብረው ሠርተዋል?» ለሚለው «አልሠራንም»፣ «ስለ ሥራው ምን ይላሉ?» ለሚለው «የቤተሰብ ትውውቅ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ ሌላ የምጽፈው እውነት አልነበረኝም። ልጁ አልተጠራም፤ ሴትዮዋም እስከ ዛሬ ደህና ሰላምታ አይሰጡኝም። ልጁ ራሱ ጽፎልኝ ቢሆን ኖሮ ስለ ክፍሉ የማውቀውን ሁሉ በደስታ እነግረው ነበር።

ስለዚህ እናትሽን ከዚህ ጉዳይ አውጫቸው። ሻይ እንጠጣ ብለሽም አትጥሪያቸው። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ በተለይ ሻዩን የከፈለው ጠያቂው ከሆነ፣ እንቢ ለማለት አንጀት የለውም። በጽሑፍ ከሆነ ግን ብቻውን ሆኖ ያስበዋል።

የጎንደር ልጅ በስቶክሆልም

በዚህ አልስማማም። የቀድሞ አለቃን፣ ያውም ታላቅ ሰውን፣ ስልክ ሳይደውሉ በመልእክት ጉዳይ መጠየቅ በእኛ ባህል ድፍረት ነው። ለፈረንጅ አለቃ ጽሑፍ ይበቃ ይሆናል። ለእኛ ሰው ግን ደውሎ ጤንነቱን፣ ልጆቹን፣ አገሩን ጠይቆ ነው ወደ ጉዳይ የሚገባው።

ስንቱን አየሁ

ደውሎ ጤንነት መጠየቁ ጥሩ ነው፤ ግን በዚያው ስልክ ላይ ጉዳዩ ከመጣ እኔ ሰላምታውን ሁሉ እንደ መንደርደሪያ ነው የምቆጥረው። የተለየ ሰው ሊኖር ይችላል።

ሒሳብ አስታራቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በጽሑፍ ለመጠየቅ ወስኜ ይህን አዘጋጅቻለሁ፤ እባካችሁ ተመልከቱልኝ።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ለእኔ እንደ አባት ነዎት፤ በዚህ አገር ከእርስዎ በቀር የማውቀው ሰው የለኝም። ድርጅትዎ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ስላየሁ ተስፋዬን በእርስዎ ላይ ጥዬ ሲቪዬን፣ ዲግሪዬንና የፓስፖርቴን ኮፒ አያይዤ ልኬያለሁ። የሚችሉትን ሁሉ እንደሚያደርጉልኝ አምናለሁ። ካልቻሉም ምንም አይደለም።»

የቅጥር ክፍል ሰው

እኅቴ፣ አጻጻፍሽ ከልብ ነው፤ ነገር ግን ሰውዬውን በአራት ገመድ አስረሽ በመጨረሻው መስመር «ከፈለጉ ይሂዱ» እያልሻቸው ነው። «እንደ አባት» እና «ከእርስዎ በቀር» የሚሉት እንቢታን ክህደት ያደርጉታል። «እንደሚያደርጉልኝ አምናለሁ» ሲባል ገና ሳይጠየቁ እሺ እንዳሉ ተቆጥሯል። ሳይፈቅዱ ሰነዶች መላክ ሥራውን አስጀምሮ እንደማስረከብ ነው፤ የፓስፖርት ኮፒማ በዚህ ደረጃ ለማንም አይላክም፤ ሪፈራል አይጠይቀውም።

«ካልቻሉም ምንም አይደለም» የሚለውን ደግሞ አስቢው። እኛ ቤት እንግዳ «በቃኝ» ሲል «በሞቴ» ብለን እንጨምርለታለን፤ በቃኝ ማለቱን ማንም በቃሉ አይወስደውም። ይህም እንደዚያው ነው፤ የጨዋነት ቃል ስለሆነ የሚያምነው የለም። ሰው በእውነት ነፃ የሚሆነው እንቢ የሚልበት ምክንያት ተዘጋጅቶ ሲቀርብለትና ዝም ቢል አንቺ ላይ ምንም እንደማይጎድል ሲያውቅ ነው። ምክንያቱ ስለ አንቺም ስለ እሳቸውም መሆን የለበትም፤ የድርጅቱ ደንብ፣ የክፍሉ አለመገናኘት፣ የጊዜው ርቀት ይበቃል። ዝምታውን ነፃ የሚያደርገው ደግሞ በራስሽ የምታመለክቺበት ቀን ነው። ማስታወቂያ አንዳንዴ ከተባለው ቀን ቀድሞ ስለሚነሣ እስከ መጨረሻው አትጠብቂ፤ ለእሳቸው አምስት ስድስት ቀን ተዪላቸውና ከመዝጊያው በፊት ትርፍ ጊዜ ይኑርሽ።

በእኔ እጅ ቢሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ስለ አንድ የሥራ ማስታወቂያ ነው። ድርጅትዎ ለተከፋይ ሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ይፈልጋል፤ እኔም ላመለክት ወስኛለሁ። ከጥር 2010 እስከ ሰኔ 2011 በእርስዎ ሥር በሒሳብ ማስታረቅ ክፍል ስሠራ ያዩትን ሥራዬን መነሻ አድርገው ሪፈራል ለመስጠት ይመችዎ እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው። ዘመኑ ርቆ ሥራዬን በሚገባ የማያስታውሱት ከሆነ፣ ወይም በድርጅቱ ደንብ የማይመች ከሆነ፣ መልስ ለመጻፍም አይድከሙ፤ በመጪው ማክሰኞ ማታ በድርጅቱ ገጽ በራሴ አመለክታለሁ። ከተመቸዎ አንድ ቃል ይላኩልኝና የመደቡን ቁጥርና ሲቪዬን ያኔ እልክልዎታለሁ።»

ከዚህ በኋላ ማስታወሻ የሚባል ነገር አይላክም። ማክሰኞ ራሱ ማስታወሻ ነው።

ሁለት ዘመን

አንድ ነገር ልጨምር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፊያቸው። ለእኔ ሪፈራል የሰጠኝ ወዳጄ ቅጹ ላይ «ከ2008 ጀምሮ አብረን ሠርተናል» ብሎ ሞላ፤ ሲቪዬ ላይ ግን ያው ሥራ የሚጀምረው በ2016 ነው። የደወለችልኝ ሴት ስምንቱ ዓመት የት እንደገባ ስትጠይቀኝ ስለ ኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር ማስረዳት ጀመርኩ፤ አመነችኝም አላመነችኝም አላውቅም። የአንቺ ጥር 2010 በእነሱ ጃንዋሪ 2018 ነው፤ ሰኔ 2011 ደግሞ ጁን 2019። ሰውዬው ቅጹን ሲሞሉ የአንቺን መልእክት እያዩ ስለሚገለብጡ ስሕተቱን ካሁኑ ዝጊው።

ዘመድ የለኝም

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ሁሉ በጨዋ ቋንቋ የተጠቀለለ ዘመድ አዝማድ ነው። አገር ቤት ስንኮንነው የኖርነውን እዚህ ስሙ ሪፈራል ስለሆነ እናደንቀዋለን። በራሷ አመልክታ በችሎታዋ ትግባ።

የቅጥር ክፍል ሰው

ትችትህን አልንቀውም። የአሜሪካ የሥራ ዕድል እኩልነት ኮሚሽን ራሱ፣ ድርጅቶች ሠራተኛ የሚያገኙት ከሠራተኞቻቸው አፍ ለአፍ በሚተላለፍ ወሬ ብቻ ሆኖ ውጤቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተቀጣሪ ከአንድ ወገን መሆን ከሆነ ሕግ ሊጥስ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። በዚህ ጉዳይ ግን ሰውዬው የሚመሰክሩት በዓይናቸው ስላዩት ሥራ ነው፤ የሚወስነውም ሌላ ሰው ነው። በለቅሶ ቤት እንደተጠየቀው ቢሆን ኖሮ ካንተ ጋር እቆም ነበር።

ዘመድ የለኝም

የሚያውቀው ሰው የሌለው አመልካች ግን አሁንም ከኋላ ነው።

የቅጥር ክፍል ሰው

ልክ ነው።

ሒሳብ አስታራቂዋ

መልእክቱን ዓመቶቹን ቀይሬ ረቡዕ ጠዋት ልኬ ነበር። አሁን የምጽፈው ተጨንቄ ነው። እሑድ ከእናቴ ጋር ስንነጋገር «ኧረ ነግሬያቸዋለሁ እኮ፣ ባለፈው የዕድር ቀን» አለችኝ። እኔ ተይ ካልኳት በኋላ ማለት ነው። ሰኞ ማታ ደግሞ ጋሼ እንዲህ ብለው መለሱ፦ «ሥራሽን አስታውሳለሁ። የምትገቢበትን ክፍል ግን አላውቀውም። የማውቀውን ብቻ እጽፋለሁ፤ ይበቃሽ እንደሆነ ንገሪኝ።» በእናታቸው በኩል ተነግሯቸው ይሁን ከልባቸው ፈቅደው፣ በምን ልወቅ? ሲቪውን ገና አልላክሁም።

ቡልቡላ ማዶ

እሺ ብለዋል አይደል እንዴ! ላኪ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ? ደግሞ የእናትን ነገር ማንሣት የተኛን መቀስቀስ ነው።

ስንቱን አየሁ

እኔ ብሆን እነግራቸው ነበር። «እናቴ ሳላውቅ እንደተናገረች እሑድ ሰማሁ፤ በዚያ ምክንያት ከሆነ እባክዎ ይተዉት» ብለሽ በሁለት መስመር ጻፊ። በእናቱ የተያዘ ሰው መፈታቱን ማወቅ አለበት።

የቅጥር ክፍል ሰው

እኔ ደግሞ ሁለት ልብ ነኝ። መናገሩ ሐቀኛነት ነው፤ ነገር ግን ፈቅደው ከነበር እንደገና «የለም፣ ከልቤ ነው» ብለው እንዲምሉልሽ ታደርጊያቸዋለሽ። መልሳቸውን ግን እንደገና አንብቢው። በይሉኝታ የተያዘ ሰው «ችግር የለም፣ አደርገዋለሁ» ይላል እንጂ «የማውቀውን ብቻ» ብሎ ወሰን አያበጅም።

ሒሳብ አስታራቂዋ

እንዴት እንዳበቃ ላሳውቃችሁ። በ«ስንቱን አየሁ» ምክር ጻፍኩላቸው፤ ሲቪውን አላያያዝኩም። ማክሰኞ መልስ ስላልመጣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ በራሴ አመለከትኩ። ረቡዕ ጠዋት ተነሥቼ ስልኬን ሳይ የጋሼ መልእክት አለ፦ «እናቴ ምንም አልነገረችኝም። ከማስታወቂያው ላይ መደቡን ፈልጌ፣ በበዓል የምትጽፊልኝን ኢሜይል ወስጄ ልመዘግብሽ ብሞክር ቀድማ አመልክታለች ይለኛል።» በሰው ፊት ባልሆንም ደንግጬ ፊቴን ሸፈንኩ።

ምን ልመልስ ብዬ ስጽፍ ስሰርዝ ሁለተኛ መልእክት ገባ። ለቀጣሪው ክፍል በራሳቸው ኢሜይል ልከው፣ በ2018 ስድስት ወር የቆዩ የቅርንጫፍ ሒሳቦችን እንዴት አንድ በአንድ እንደዘጋሁ ሦስት መስመር ጽፈዋል፤ ኮፒውንም ልከውልኛል። ያን ሥራ እኔ ራሴ ረስቼው ነበር፤ ሲቪዬ ላይም የለም።

የቅጥር ክፍል ሰው

እንዲህ ያለው ኢሜይል ቀጣሪው ካነበበው ከቅጹ አያንስም፤ ካላነበበው ግን በሲስተሙ ውስጥ ምልክት የለሽም። ሲቪሽን ማሻሻል የምትችይበት ቁልፍ ገጽሽ ላይ ካለ ያን ሥራ ዛሬውኑ ጨምሪው።

ቡልቡላ ማዶ

እናታቸው ካልነገሯቸው የአንቺ እናት ለማን ነው የነገሩት?

ሒሳብ አስታራቂዋ

ጠይቄያታለሁ። በዚያ ዕድር ስማቸው የሚመሳሰል ሌላ ሴትዮ አሉ። ልጃቸው ካናዳ ነው፤ ትናንት ደውሎ ምን ዓይነት ሥራ እንደምፈልግ ጠየቀኝ።